ዳገት ላይ የሚዘል ካቴና

ሰፈሩ እትዬ ፒንሳ ይላታል። ስሙን ያወጣላት ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው ነው። አንድ ጊዜ ሦስት ጎረምሳ ተፈራርቆበት እምቢ ያለውን የዛገ ብሎን እሷ ይዛ አልለቅም ብላ ስትፈታው አይቶ፣ «ይቺ ሴትዮ ፒንሳ ናት እንጂ ሰው አይደለችም» አለ፤ እንደ ቀልድ የተነገረው ስም በዚያው ቀረ። እሷም አልጠላችውም። የያዘችውን የማትለቅ መባል ሳይክል ለሚጠግን ሰው ሙገሳ ነው።

ሱቋ አንድ ክፍል ናት። በሩ ሲከፈት ጠረጴዛው፣ ጠረጴዛው ላይ የተቸነከረው ብረት ነክሶ የሚይዘው ሞርሳ፣ የቀዳዳ ጎማ መፈተሻው የውሃ ባልዲ፣ ጥግ ላይ የተቆለሉት ቸርኬዎች ይታያሉ። ግራሶና ላስቲክ ይሸታል። ከጠረጴዛው በላይ ደግሞ ግድግዳው ላይ፣ በሁለት ሜንጦ ተይዞ የባሏ ሳይክል ተሰቅሏል። ጥቁር ነው። ከሞተ ሰባት ዓመት ቢሆነውም ቅዳሜ ቅዳሜ በጨርቅ ትወለውለዋለች፤ ጎማውን ሳይቀር ትነፋዋለች፤ ለማን እንደምትነፋው እግዜር ይወቀው።

ባሏን ደግሞ ሰው ዳገቴ ይለው ነበር። ከሱቁ በር ላይ መንገዱ ቀስ እያለ መውጣት ይጀምርና ከልብስ ሰፊው ቤት በኋላ ቀጥ ይላል፤ ጫፉ ላይ ጤና ጣቢያው አለ። ዳገቴ ካቴና የነካበትን ሳይክል ሁሉ፣ የማንም ይሁን የማን፣ መጀመሪያ ራሱ ወጥቶበት ፔዳሉ ላይ ቆሞ እየረገጠ እስከ ጤና ጣቢያው አጥር ሳይደርስ አያስረክብም። ዝናብም ቢሆን፣ ደምበኛው ቢቻኮልም። «ሜዳ ላይ ሁሉም ሳይክል ጨዋ ነው» ይል ነበር፤ «አመሉን የሚያወጣው ዳገት ነው።»

እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጠገቡ ተቀምጣ ነው የሠራችው። መጀመሪያ ቁልፍ ታቀብለው ነበር፤ በኋላ ጎማ ትለጥፍ ጀመር፤ መጨረሻ ላይ የተጣመመ ቸርኬ ከእሱ ይልቅ በእሷ እጅ ይቃና ነበር። ይህንን እሱም ያምን ነበር፤ ሰው ፊት ግን አይናገረውም። ሲሞት ሱቁን ትዘጋዋለች ያለው ሰው ብዙ ነው። አልዘጋችም። አንድ ነገር ብቻ ከእሱ ልማድ አስቀረች፦ ዳገቱን። ቀኝ ጉልበቷ ያማታል፤ ደረጃ እንኳ በግድ ነው የሚወጣላት። ስለዚህ ከጣራው በወረደ ገመድ ሳይክሉን ታንጠለጥልና ፔዳሉን በእጇ ታሽከረክራለች፤ ጆሮዋን ጠጋ አድርጋ ታዳምጣለች፤ ካቴናው ዝም ብሎ ከዞረ ታስረክባለች። በሰባት ዓመት ውስጥ ይሄ ነገር አሳፍሯት አያውቅም። ወይም እሷ እንደዚያ ትል ነበር።

አዋላጇ የመጣችው ከአራት ወር በፊት ነው።

ጤና ጣቢያው የምትሠራ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ገደማ የሆናት፣ ደልደል ያለች፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናት። በሰፈሩ ካሉት ልጆች ግማሹን የተቀበለችው እሷ ናት ይባላል። ካቴናዋ ተበጥሶ በእጇ ጠቅልላ ይዛ ነበር የገባችው።

«እትዬ፣ ይቺ ጉድ አደረገችኝ» አለች። «ምጥ ይዟት የምትጠብቀኝ ሴት አለች፣ እኔ መንገድ ላይ ካቴና እለቅማለሁ።»

«በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉት በራሷ አሳጠረች አለ አሉ» አለች እትዬ ፒንሳ እየሳቀች። «ስጪኝ እስቲ።»

ካቴናው ያረጀ ነበር። በየመጋጠሚያው ተበልቶ፣ ረዝሞና ላልቶ፣ ሲይዙት እንደ እባብ ወደ ጎን ይተጣጠፋል። አዲስ አወጣች፤ ለካችው፤ ትርፉን ቆርጣ ገጠመችው። ከዚያ የኋላውን ጥርስ፣ ማለትም ካቴናው ከኋላ ጎማ ላይ የሚጠመድበትን ክብ፣ ከግራሶው ልታጸዳ ጨርቅ አሳለፈችበት። ጨርቁ ተያዘ። አንድ ክር ጥርሱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

አየችው። ጥርሶቹ ወደ አንድ ወገን ጎንበስ ብለው እንደ ማጭድ ጫፍ ሹል ሆነዋል። በመካከላቸው ያለው ጎድጓዳም ሰፍቷል። ከአሮጌው ካቴና ጋር አብረው አርጅተው፣ እሱ ሲረዝም እነሱም ተበልተው፣ ተስማምተው ሲኖሩ ነበር። አዲሱ ካቴና ግን አጭር ነው፤ በሰፋው ጎድጓዳ ውስጥ በቅጡ አይቀመጥም። ሜዳ ላይ ይዞራል። ጠንክረው ሲረግጡት ግን የጥርሱን ጀርባ ይወጣና ዘሎ ወደሚቀጥለው ይወድቃል። ዳገቴ ይህንን ሲናገር እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ ነበር፦ «አዲስ ካቴና ለአሮጌ ጥርስ አይዳርም።»

እሷ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ጥርሱም መለወጥ አለበት፤ መለወጫው ግን ሱቋ ውስጥ አልነበረም፤ ዕቃ አምጪውም ከሁለት ወር ወዲህ እጁ ባዶ ነው። አንድ ብቻ ነበር። ልኩ የሆነ፣ ብዙም ያልተነካ፣ ግድግዳው ላይ፣ በዳገቴ ሳይክል የኋላ ጎማ ላይ።

ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ክሩን ከጥርሱ ላይ ነቅላ ኪሷ ከተተችና ሳይክሉን አንጠልጥላ ፔዳሉን በእጇ አሽከረከረች። ካቴናው ዝም ብሎ ዞረ።

«ሂጂ ልጄ፣ ምጥ አይጠብቅም» አለቻት።

በአምስተኛው ቀን አዋላጇ ቅልጥሟ ተልጦ ተመለሰች። «ዳገቱ መሀል ላይ ቋ ብሎ ይዘልብኛል። እግሬ ባዶ ላይ እንደረገጠ ይወርዳል። ዛሬ ፔዳሉ ቅልጥሜን መታኝ።»

እትዬ ፒንሳ ያን ጊዜ መናገር ትችል ነበር። አልተናገረችም። የኋላ ጎማውን ብሎን አላልታ ጎማውን ወደ ኋላ ሳበች፤ ካቴናውን ወጠረች፤ አጠበቀች። ይህም ሳምንት ያህል ረዳት። ከዚያ እንደገና ዘለለ። አዋላጇ እንደገና መጣች።

ሰው አንዴ ዝም ካለ፣ ዝምታውን የሚጠብቅለት ውሸት ይፈልጋል። እትዬ ፒንሳ ካቴናውን ደጋግማ አዙራ፣ ጎንበስ ብላ፣ የምታየው ነገር እንደሌለ እያወቀች አየችና እንዲህ አለች፦ «ሳይክሉ ደህና ነው። አረጋገጥሽ ነው ልጄ። አንቺ እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው ነው የምትረግጪው። ለዘብ አድርጊ። ሰውነትም ጨምረሻል መሰለኝ፤ ዳገት ላይ ወርደሽ ገፋ ገፋ ብታደርጊው ምን አለበት?»

አዋላጇ አልተከራከረችም። ይሄ ነው ኋላ ሌሊቱን ሁሉ የሚያንገበግባት። የሚከራከሩት ሰው ቢሆን በተሻለ። አዋላጇ ግን አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ «እውነትዎን ነው እትዬ፤ ዕድሜም አለ» ብላ ወጣች።

ከዚያ በኋላ አልመጣችም። እትዬ ፒንሳም ሳይክሉ ዳነ ብላ ተወችው፤ ማለት ዳነ ብላ ለራሷ ነገረችው። ጠዋት ጠዋት አዋላጇ በምታልፍበት ሰዓት ግን ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ ሥራ ትፈልግ ጀመር።

ነገሩን ያወጣው ልብስ ሰፊው ነው። አንድ ቀን ከስፌት መኪናው ተነስቶ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ በሯ ላይ ቆመ።

«እትዬ ፒንሳ፣ ያቺ አዋላጅ ሳይክል ነው ወይስ በግ ነው የገዛችው?»

«ምን ሆነች?»

«በየጠዋቱ ዳገቱን እየጎተተችው በእግሯ ትወጣለች። እኔ በመስኮት አያታለሁ። በግ ቢሆን ደግሞ መንገድ ላይ ሣር ይግጥ ነበር። ሦስት ወር አለፋት እኮ። ድሮ እኔ ክር መርፌ ውስጥ ሳላስገባ እሷ ላይ ትደርስ ነበር፤ አሁን አንድ ሱሪ ጨርሼ አሁንም እያለከለከች ነው።»

እትዬ ፒንሳ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እግሯን ያማት ይሆናል» አለች።

«ምኗን? በሜዳው ላይ እኮ እንደ ነፋስ ነው የምትሄደው» አለና ሳቀ። ከዚያ ፊቷን አየና ሳቁን ተወው። «ምነው? የእኔ ቀልድ አልጣመሽም?»

«ጥሟል። ሂድ ሥራህን ሥራ።»

በዚያው ሳምንት ዓርብ ከሰዓት በኋላ አዋላጇ ሳይክሏን እየገፋች ገባች። አልሳቀችም። ሳይክሉን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈችው።

«እትዬ፣ ይሄን እርስዎ ጋ ልተወው። ለሚፈልገው ይስጡልኝ። ቤት ውስጥ ቆሞ ሳየው ያበሳጨኛል።»

«ምን አደረገሽ?»

«እሱማ ምን ያደርገኛል። እኔ ነኝ እንጂ። አልቻልኩም። ሁለት ጊዜ ዘግይቼ ደረስኩ። አንዷ በጽዳት ሠራተኛዋ እጅ ወለደች፤ ደግነቱ ሰላም ነው። ሰኞ ከማዋለጃ ክፍሉ ወደ ካርድ ክፍል ልዛወር ማመልከቻ አስገባለሁ። እዚያ ተቀምጦ መጻፍ ነው። እግር አይጠይቅም።» እጇን አየች። «አሥራ አራት ዓመት። ይበቃል መቼም።»

እትዬ ፒንሳ አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን አዋላጇ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አመስግናት ወጣች፤ ቃሉም ተመልሶ ገባ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል የሚባለው እውነት ነው።

ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራችም። በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ሁለቱን ሳይክሎች፣ የቆመውንና የተሰቀለውን፣ ተራ በተራ አየች። ከኪሷ የሚወጣ ክር አልነበረም፤ የዚያን ዕለቱ ክር ከልብሱ ጋር ከታጠበ ቆይቷል፤ እሷ ግን ጣቷን ኪሷ ውስጥ ከትታ ትፈልገው ነበር። ለምን አልሰጠኋትም አለች። የሞተ ሰው ሳይክል አይነዳም። ጎማውን የምነፋው፣ ጥርሱን የማጸዳው፣ አንድ ቀን ማን እንዲወጣበት ነው? ደግሞ ጥርሱን መንፈግ ብቻ ቢሆን በተሻለ፤ ጥፋቱን በሷ እግር ላይ አላከክሁት። ባልሰጣት እንኳ «ጥርሱ አልቋል፣ ዕቃ እስኪመጣ ዳገቱን ቀስ በይ» ማለት አቅቶኝ ነው? ማለት ግን «ሌላ አለ ወይ?» ያስጠይቃል። ያን ጊዜ ዓይኔ ወደ ግድግዳው ይሄድ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን ስትከፍት ጨርቁን አነሳች፤ ልማዷ ነው። ከዚያ አስቀመጠችው። በርጩማው ላይ ወጥታ የዳገቴን ሳይክል ከሜንጦው አወረደች። ሲወርድ ከባድ ነበር።

የኋላ ጎማውን ፈታች። መፍቻውን፣ ጥርሱ መሀል ባሉት ቦዮች ላይ የሚገባውን፣ ሞርሳው ላይ አሰረችና ጎማውን ገልብጣ አስቀመጠችበት። ጥርሱ ሰባት ዓመት ሳይነካ በመቀመጡ ከጎማው መሀል ካለው እምብርት ጋር ተጣብቋል። ዘይት አጠጣችው፤ ጠበቀች፤ እንደገና አጠጣችው። ከዚያ ቸርኬውን በሁለት እጇ እንደ መኪና መሪ ይዛ ወደ ግራ ሳበችው። እምቢ አለ። አንዴ ቆማ ተነፈሰች፤ ሁለተኛ ስትስበው ጠቅ አለና ለቀቀ፤ ከዚያ በኋላ በእጅ ዞሮ ወጣ። እምብርቱ ራቁቱን ቀረ። አላየችውም።

የአዋላጇም ጥርስ በዚሁ መንገድ ወጣ፤ ግን ከባድ ነበር፤ በየዳገቱ ስትረግጠው እየጠበቀ ነው የኖረው። አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጠቻቸው። አንዱ ጥርሱ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ ደፍጠጥ ያለ ነው። ሌላው የማጭድ ጉባኤ ይመስላል። ዓይነ ስውር እንኳ በጣቱ ይለየዋል።

እምብርቱ ላይ ግራሶ ቀብታ የዳገቴን ጥርስ በእጇ አጠመጠመችው። የፊተኛውን ትልቁን ጥርስም አየች፤ ደህና ነው፤ ጥርሱ ብዙ ስለሆነ ሸክሙን ይካፈላል። ካቴናው አራት ወር ስለሠራ እሱንም ጠረጠረችው፤ ከፊተኛው ጥርስ አፍንጫ ላይ ይዛ ወደ ፊት ሳበችው። ከጥርሱ ብዙም አልተነሳም፤ ገና አልላላም። ጎማውን መለሰች፤ ካቴናውን በጣም ሳይወጠር፣ በጣት ሲነኩት ትንሽ እስኪወዛወዝ ድረስ አስተካከለች፤ ብሎኖቹን አጠበቀች። ገመዱን ልታወርድ እጇን ወደ ጣራው ዘረጋች።

ከዚያ ገመዱን ተወችው።

ቀሚሷን ሰብስባ ሳይክሉን ወደ መንገዱ አወጣች። ልብስ ሰፊው በመስኮት አያት።

«ወዴት ነው?»

«ዳገት።»

«በዚያ ጉልበትሽ? ሬሳሽን እኔ ነኝ የምለቅመው?»

«ለመገነዣው ደግሞ አንተ አለህ፤ ሜትርህን አዘጋጅ።»

ወጣችበት። ሜዳው አለቀ፤ ዳገቱ ጀመረ። ከልብስ ሰፊው ቤት በኋላ መንገዱ ቀጥ ሲል ከኮርቻው ተነሳችና ፔዳሉ ላይ ቆመች፤ በሙሉ ክብደቷ፣ እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው። ካቴናው ያዘ። እንደገና ረገጠች። ያዘ። እንደገና። ቋ የሚለውን ድምፅ ጆሮዋ ቢጠብቅም አልመጣም፤ የራሷ ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ የጉልበቷም ህመም። ሲሶው ሲቀራት ጉልበቷ ከዳት። ወረደች፤ የቀረውን እየገፋች ወጣች። ያች መንገድ እየገፉት እንዴት ትረዝማለች። ሦስት ወር ሙሉ አለች በልቧ። በየጠዋቱ።

አዋላጇ በጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ አንሶላ ታሰጣ ነበር። ሳይክሉን ስታይ ፊቷ ተቋጠረ።

«ምነው እትዬ፣ የሚወስደው ጠፋ?»

«ተቀመጪ ልጄ።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

እትዬ ፒንሳ ልትቀመጥ ፈልጋ ነበር፤ አዋላጇ ስላልተቀመጠች እሷም ቆመች። ያለቀውን ጥርስ ከኪሷ አውጥታ በመዳፏ ዘረጋችላት።

«እግርሽ አይደለም። ይሄ ነው። መጀመሪያ ቀን አይቼዋለሁ። አዲስ ካቴና በዚህ ላይ ዳገት አይወጣም፤ ይዘላል። ሌላ ጥርስ ነበረኝ፤ ከባሌ ሳይክል ላይ መፍታት አልሆንልሽ አለኝ። ከዚያ ላለመናገር አረጋገጥሽ ነው አልኩሽ። ዋሸሁሽ።»

አዋላጇ ጥርሱን ተቀበለችና በአውራ ጣቷ አንድ በአንድ ዳሰሰችው፤ የልጅ ድድ እንደምትዳስስ።

«ወፍረሻል ያሉኝ ቀን» አለች በመጨረሻ፣ «ቤቴ ገብቼ እራት ተውኩ። እስከ ዛሬ እራት አልበላም። ባሌ ምን ነካሽ ሲለኝ እትዬ ፒንሳ ነግረውኛል፣ እሳቸው ደግሞ አይዋሹም አልኩት።»

እትዬ ፒንሳ ባዶ የቀረ መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች።

«ያቺ ልጅ በጽዳት ሠራተኛዋ እጅ ስትወልድ እኔ ዳገቱ መሀል ነበርኩ።»

«አውቃለሁ።»

«አያውቁም» አለች አዋላጇ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። ጥርሱን መለሰችላት። «ምን ይሁን ነው አሁን?»

«ተሠርቷል። ውጪበት። እኔ እዚህ ሆኜ ላዳምጥ። ካልዘለለ ማመልከቻውን እንደፈለግሽ አድርጊው።»

አዋላጇ ሳይክሉን ወስዳ ፍሬኗን ይዛ እስከ ልብስ ሰፊው ቤት ወረደች። እዚያ አዞረች። እትዬ ፒንሳ አጥሩን ተደግፋ፣ ባሏ ይደርስበት በነበረው ቦታ ቆማ ዓይኗን ጨፈነች። በጆሮዋ ብቻ ነበር የምትጠብቀው። ጎማው ጠጠር ሲረግጥ ሰማች፤ ትንፋሽ ሰማች። ልብስ ሰፊው ከታች «በጉ ክንፍ አወጣ» ብሎ ሲጮህ ሰማች። ካቴናው ግን አልተሰማም።

አዋላጇ አጠገቧ ደርሳ ወረደች። ላብ በላብ ሆናለች፤ ፊቷ ግን አልተፈታም።

«እግሬ ደህና ነው ማለት ነው» አለች።

«ድሮም ደህና ነበር።»

«እሱን መስማት የነበረብኝ ከአራት ወር በፊት ነው።» አንሶላዋን አነሳች፤ አንዱን ገመዱ ላይ ጣለችና ጫፉን አስተካከለች። «ሰኞ ማዋለጃ ክፍል ነኝ። ይሂዱ እትዬ፤ ጉልበትዎን ቀስ አድርገው ይውረዱ።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። እትዬ ፒንሳም አልጠየቀችም፤ ጥርሱን ኪሷ ከትታ በእግሯ ወረደች።

ዛሬ ያ ያለቀ ጥርስ ከጠረጴዛው በላይ፣ ሳይክሉ የነበረበት ሜንጦ ላይ ተንጠልጥሏል። የዳገቴ ሳይክል ጥግ ቆሟል፤ የኋላ እምብርቱ ራቁቱን ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚወለውለው የለም። አዋላጇ ጠዋት ስታልፍ አትቆምም፤ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላም ትልና ታልፋለች፤ ወዲያው ከኮርቻው ተነስታ ዳገቱን ትጀምራለች። እትዬ ፒንሳ አሁን ጀርባዋን ለመንገዱ አትሰጥም። ካቴና የተነካበት ሳይክል ባለቤት ሲመጣም ገመዱን አታወርድም። «መጀመሪያ እስከ ጤና ጣቢያው አጥር ወጥተህ ና» ትለዋለች፤ «ቆመህ ርገጠው። ከዘለለ ጥፋቱ የእኔ ነው።»